ሠላሳኛው እጅ

በየካቲት ወር «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አንድም አእምሮው ተቃውሷል፣ አንድም የኮንዶሚኒየም ቃለ ጉባኤ እያነበበ ነው።

ቃለ ጉባኤ በእኛ ዘንድ ከባዶ ወረቀት አይጀመርም። የባለፈው ይከፈታል፣ ቀኑ ይለወጣል፣ አጀንዳው ይለወጣል፣ የተቀረው ግን እንደ ውርስ ቤት ዕቃ ማንም ሳይነካው ባለበት ይቀመጣል። ሰብሳቢው መስከረም ላይ ጉባኤውን በምርቃት ከፍቶ ከነበረ፣ ያ ምርቃት ዓመቱን ሙሉ ይከተለናል። ቤቱን ሸጦ ከሄደ ሁለት ክረምት ያለፈው ጎረቤታችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «በፈቃድ የቀሩ» ከሚለው ዝርዝር አልወጣም ነበር። ፈቃዱን ማን እንደሰጠው ጉባኤው አያውቅም። እሱም አያውቅም።

የጋራ ሕንፃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣ ወዲህ፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚባል ነገር በየግቢው አለ። የእኛ ሕንፃ 48 ቤቶች አሉት። ጸሐፊያችን እትዬ ናቸው። ስማቸውን ትተን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። በዘመናቸው በታይፕ ሲጽፉ አንዲት ፊደል ከሳቱ ገጹን እንደገና ከላይ መጀመር ነበረባቸው። ስለዚህ ከመጻፋቸው በፊት ያስባሉ፣ ከጻፉ በኋላ ይጠራጠራሉ። ዛሬ የሚጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ እሱ ከመጻፉ በፊትም ከጻፈ በኋላም አያስብም። በሁለቱ መካከል እኔ ገባሁ፤ አንባቢ ሆኜ።

አንባቢ ማለት ሥራው እንዲህ ነው። እትዬ በስብሰባው ላይ በእጃቸው የጻፉበትን ደብተር ይይዛሉ፤ እኔ በኮምፒውተር የተጻፈውን ይዤ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ነጥቡን «አራት ነጥብ»፣ ቅንፉን «ቅንፍ ተከፈተ» እያልኩ። መጀመሪያ ሰሞን ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም ነበር።

«ራስዎ ቢያነቡት አይሻልም?» አልኳቸው።

«እኔማ የማውቀውን ነው የማነበው፣» አሉኝ። «ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ ባይኖርም ይታየኛል።»

ለዚሁ ነው ስብሰባው በተካሄደበት ቀን ቃለ ጉባኤ የማያርሙት። አንድ ሌሊት ያሳድሩታል። ሰብሳቢው «እትዬ፣ ዛሬውኑ ፈርሜ ልገላገለው» ሲል፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ አንተ ተኛ፣ ወረቀቱም ይተኛ» ይሉታል።

በደብተራቸው ሽፋን ውስጠኛ በኩል አንዲት የደበዘዘች ወረቀት ተለጥፋለች። ቁጥር የላትም፣ ርዕስ የላትም። ስድስት ቃላት ብቻ በዓምድ ተጽፈውባታል፦ ትርፍራፊ፣ ቀን፣ ስም፣ ድምፅ፣ ብር፣ ማን። ሚስጥሩ ከቃላቱ ይልቅ በአነባበቡ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል ቃለ ጉባኤው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ይነበባል። ቀን ሲፈልጉ ቀን ብቻ፣ ስም ሲፈልጉ ስም ብቻ። ሁሉን ባንድ ጊዜ አርማለሁ ያለ ሰው ፊደል ሲለቅም ሺው ብር ያመልጠዋል።

«ትርፍራፊ» ማለት ያ የአዲስ ዓመት ምርቃት ነው፤ ከባለፈው ቃለ ጉባኤ ተንጠልጥሎ የመጣ ሁሉ። የልጅ ልጃቸው ለዚህ ፈጣን መድኃኒት አለኝ ብሎ በኮምፒውተሩ መፈለጊያ ገባ። ያለፈው ስብሰባ ኅዳር ላይ ስለነበረ «ህዳር» ብሎ ጻፈና ፈለገ። ኮምፒውተሩ ምንም የለም አለው። ልጁ በድል ተነሣ።

እትዬ ገጽ ሁለት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ኅዳር» ይላል፣ በብዙኃኑ ኀ። ለእኛ ለሰዎቹ ህዳርም ሕዳርም ኅዳርም ያው ብርዱ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ወሮች ናቸው። ስለዚህ በመፈለጊያ የሚያርም ጸሐፊ ያንን ቃል በሚጻፍባቸው ፊደሎች ሁሉ መፈለግ አለበት፤ ወይም ፊደሉን ትቶ «11/03» ወይም «2016» የሚሉትን ቁጥሮች ማሳደድ። ከዚያ የወረዱትን የኮሚቴ አባላት ስም፤ ከዚያ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ሐረግ። ይህ የመጨረሻው በኋላ ያመጣብንን እነግራችኋለሁ።

ወደ ቀኑ እንሂድ። የተጻፈው «እሑድ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.» ነበር። እኔ አነበብኩ፣ እትዬ ዝም አሉ። በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ።

«መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። ጥቅምት ዓርብ፣ ኅዳር እሑድ፣ ታኅሣሥ ማክሰኞ፣ ጥር ሐሙስ፣ የካቲት ቅዳሜ ገባ። ስለዚህ የካቲት 2 እሑድ፣ 9 እሑድ። አሥር ሰኞ ነው።»

የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ወር ሁለት ቀን ገፋ ብሎ ይገባል። የዓመቱን መግቢያ ዕለት የያዘ ሰው ያለ ካላንደር ዓመቱን ሙሉ ማረም ይችላል፤ ጳጉሜን ሲደርስ ብቻ ይጠንቀቅ። ዕለቱና ቀኑ ካልተስማሙ አንዱ ስሕተት ነው። የቱ እንደሆነ የሚፈርደው ግን አንጓ አይደለም፤ የጥሪው ማስታወቂያ ነው። እትዬ በር ላይ ተለጥፎ የነበረውን ማስታወቂያ ቅጂ ከደብተሩ አወጡ፤ የካቲት 9 ይላል። ተስተካከለ።

ሰዓቱ ደግሞ የባሰ ነበር። ልጁ የመጀመሪያውን ሰዓት ከስልኩ ወሰደ፤ 9፡00። የመጨረሻውን ከአያቱ ደብተር ገለበጠ፤ 6፡15። ጉባኤያችን ሊጀመር ሦስት ሰዓት ያህል ሲቀረው ተጠናቋል ማለት ነው። ያንን ስብሰባ ተቀምጬ ያሳለፍኩት እኔ፣ እንዲህ ቢሆን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ስም ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ሳልነካው አላልፍም። ሦስተኛው አጀንዳ አዲስ ገንዘብ ያዥ መምረጥ ነበር፤ የተመረጡት ሴት ናቸው፤ የወረዱት ወንድ። ትርፍራፊው «አቶ» ከስማቸው ፊት ቆሞ ቀርቶ ነበር። ይህ ለሳቅ ነው። ለሳቅ ያልሆነው ግን ያ ቃለ ጉባኤ ፈራሚ ለማስለወጥ ወደ ባንክ የሚሄድ መሆኑ ነው። ባንክ ዘንድ ጎረቤት የለም። ሰው ሁሉ «የአራተኛ ፎቋ» ብሎ የሚያውቃቸው ሴት ለባንኩ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ናቸው። በመታወቂያቸው በጸሎቱ ጸ የተጻፈው በቃለ ጉባኤው በፀሐዩ ፀ ከሆነ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ ትመልሳችኋለች። ስለዚህ እትዬ የተመረጠን ሰው ስም ከአቴንዳንስ አይገለብጡም፤ አቴንዳንስ ላይ ሰው የሚጽፈው እየተጣደፈ ነው። መታወቂያ አስመጥተው ፊደል በፊደል ያመሳክራሉ። ጎረቤት ቤት መታወቂያ መጠየቅ ያሳፍራል ለሚል ሰው፣ ባንክ ደርሶ መመለስ የበለጠ እንደሚያሳፍር ይነግሩታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ደረስን፤ ወደ ድምፁ።

ሁለተኛው አጀንዳ ለጥበቃ የሚዋጣውን የወር ክፍያ ከ150 ብር ወደ 200 ብር ማሳደግ ነበር። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «ጉባኤው ከተወያየ በኋላ በ21 ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ፣ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።» እኔ ስሜት ጨምሬ አነበብኩትና ቀጠልኩ። እትዬ አስቆሙኝ።

መጀመሪያ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን በእርሳስ ከበቡት። አምስት ሰው ተቃውሞ፣ ከአምስቱ አንደኛው ወንበር ገፍቶ ወጥቶ፣ ሙሉ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። የኅዳሩ ትርፍራፊ ነው። «በአብላጫ ድምፅ» ሆነ።

ከዚያ ደመሩ። ሃያ አንድና አምስት ሃያ ስድስት። ሃያ ስድስትና አራት ሠላሳ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ። «ከ48 አባላት 29 ተገኝተው ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ» ይላል። በደንባችን ምልዓተ ጉባኤ ከግማሽ በላይ ነው፤ ሃያ አምስት ይበቃል፤ በዚህ በኩል ሰላም ነው። ግን ሃያ ዘጠኝ ሰው ሠላሳ እጅ እንዴት ያነሣል?

እኔ ቶሎ መፍትሔ አመጣሁ። «ድምፀ ተአቅቦውን ሦስት ብናደርገውስ? ማን ይቆጥረዋል?»

እትዬ አተያያቸው ተለወጠ። «እሱማ ድርሰት ነው፣» አሉ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።»

ሥሩን መፈለግ ጀመሩ። ቁጥር ሲበልጥ ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው። አንዱ አርፍዶ የመጣና አቴንዳንስ ሳይፈርም እጁን ያነሣ አባል ነው። እንዲህ ከሆነ ድምፁ አይጠፋም፤ «አንድ አባል ከ4፡10 ሰዓት ጀምሮ ተገኝተዋል» ተብሎ የተገኙት ቁጥር ይስተካከላል። ግን እትዬ አቴንዳንሱን የሚዘጉት ከመጨረሻው ፊርማ ስር አስምረው፣ ሰዓት ጽፈው ነው። ከዚያ በኋላ የገባ አባል አልነበረም። ሌላው ተጠርጣሪ ባልና ሚስት ነው። በደንባችን አንድ ቤት አንድ ድምፅ አለው፤ ባልና ሚስት ግን በአንድ ቤት ሁለት አስተያየት ስላላቸው ሁለት እጅ ያነሣሉ። ያን ቀን ባልና ሚስት የመጡት ከአንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ድምፅ ሲሰጥ ባልየው ውጭ ሲጋራ እያጨሱ እንደነበር ሁሉም መሰከረ፤ ሚስታቸው ከሁሉም አስበልጠው። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ሰብሳቢው ነው፤ ቆጣሪዎች ከፊት ሲቆጥሩም ከጎን ሲቆጥሩም ያገኙታል። እሱ ግን ድጋፍ ነበር የሰጠው፤ ድጋፉ ደግሞ በደብተሩ ላይ በየቤት ቁጥሩ ምልክት ተደርጎበታል፤ ሃያ አንድ ልክ ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አምስት ብቻ ስለሆኑ ማንም በስማቸው ይቆጥራቸዋል።

ትርፉ እጅ ከድምፀ ተአቅቦዎቹ መካከል ነበር። እትዬ ሻርፓቸውን ደርበው ወደ ሁለቱ ድምፅ ቆጣሪዎች ሄዱ። አንደኛው አሰበና፣ «አራተኛው በስተኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ የነበረ ረጅም ልጅ ነው» አለ። ረጅሙ ልጅ የምድር ቤት ተከራይ ነው። ተከራይ ድምፅ የለውም። የመጣውም ስለ ውሃ ቆጣሪው ሊጠይቅ ነበር። ሄድንና ለምን እጁን እንዳነሣ ጠየቅነው።

«ነፋስ ገባ፣» አለ። «መስኮቱን ዝጉት ለማለት ነው።»

ማኅበራችን አንድ ክፍት መስኮት በድምፀ ተአቅቦ ሊመዘግብ ነበር።

እትዬ ቁጥሩን ብቻቸውን አላስተካከሉም። ለሰብሳቢው ነገሩ፤ በደብተሩ የድምፅ ገጽ ላይ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ፤ ሁለቱ ቆጣሪዎች ከጎኑ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ነው ቃለ ጉባኤው ላይ አራቱ ሦስት የሆነው። 21፣ 5፣ 3፤ ሃያ ዘጠኝ። ውሳኔው አልተለወጠም። «ቢለወጥስ ኖሮ?» አልኳቸው። ድጋፍና ተቃውሞ በአንድ ድምፅ ተበላልጠው፣ ያቺው አንዷ ድምፅ የመስኮት ብትሆን? «ያኔማ የእኔ ሥራ አይደለም፤» አሉ፣ «ለሰብሳቢው አስታውቄ ወደ ጉባኤው ይመለሳል። ጸሐፊ የተባለውን ይጽፋል እንጂ አይፈርድም።»

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ይወድቃል። ፊደል ማረም ሲጀምር እጁ ይፍታታና ውሳኔ ማሳመር ይጀምራል። ጉባኤው «ዘበኞቹ ማታ ማታ ግቢውን ይዙሩ» ካለ፣ ጸሐፊው «በየሁለት ሰዓቱ» ብሎ መጨመር አይችልም፤ ምንም ያህል ደግ ሐሳብ ቢሆን። እትዬ እንዲህ ያለ ጎደሎ ሲያዩ ወረቀቱን አይነኩም፤ በተለየ ብጣሽ ላይ ጥያቄ ጽፈው ለሰብሳቢው ያያይዛሉ።

ብር ላይ ደግሞ በሁለት ዐይን ነው የሚነበበው፤ አንዱ አኃዙን፣ አንዱ ፊደሉን። የእኛው «ብር 200.00 (ሁለት ሺህ ብር)» ይል ነበር። ያ ቢፈረም ኖሮ የተቃውሞው አምስት ወደ አርባ ስምንት ባደገ። ቀጥሎ ያለው መስመር ጭማሪው በወር 24,000 ብር እንደሚያስገባ ያበስራል። እትዬ 50 ብርን በ48 ቤት አባዙ፤ 2,400 ሆነ። ድምር ያለበት መስመር ሁሉ እንደገና ይደመራል። የሚያምር ቁጥር ደግሞ ሁለቴ ይደመራል፤ ለማኅበር ገንዘብ የሚያምር ቁጥር የተለመደ አይደለምና።

የወረቀቷ መጨረሻ ቃል «ማን» ናት። እትዬ ለሷ ሲሉ ቃለ ጉባኤውን ከኋላ ወደ ፊት፣ ከመጨረሻው ውሳኔ ጀምረው ያነባሉ። የሚያድኑት አንድ ሰው ነው፤ የሚመለከተው አካል። ይህን አካል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ያልጠገነው መንገድ፣ ያልጠራረገው ቦይ፣ ያልተካው አምፖል የለም። በሁሉም ቃለ ጉባኤ ይገኛል፣ አቴንዳንስ ፈርሞ ግን አያውቅም። በአራተኛው አጀንዳ ላይ እንዲህ ተብሎ ነበር፦ «የውሃ ፓምፑ በሚመለከተው አካል በአፋጣኝ እንዲጠገን ተወሰነ።»

እትዬ ደብተራቸውን ገለበጡ። በስብሰባው ላይ የተባለው ሌላ ነው። አንድ አባል ሐሳብ አቅርቦ፣ ሌላው ደግፎ፣ ሰብሳቢው ራሱ «እሺ፣ እኔ እይዘዋለሁ፤ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እሑድ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይዤ ለኮሚቴው አቀርባለሁ» ብሎ ነበር። ይህ ማሻሻል አይደለም፤ የተባለውን መመለስ ነው። ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ «ሰብሳቢው ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ አሰባስበው እሑድ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ለኮሚቴው እንዲያቀርቡ ተወሰነ።» መጋቢት ሰኞ ይገባልና 7 እሑድ መሆኑን በአንጓቸው አረጋገጡ።

የቀረው አቀማመጡ ነው። ልጁ ያተመው ሦስት ገጽ ሆኖ፣ ሦስተኛው ላይ ፊርማ ብቻ ብቻውን ተቀምጧል። እትዬ አስመለሱት። ፊርማ ብቻ ያለበት ገጽ ከምንም ወረቀት ጋር ሊሰፋ ይችላል፤ ስለዚህ ቢያንስ የመጨረሻው ውሳኔ ከፊርማው ጋር አብሮ መውረድ አለበት። በየገጹ ግርጌ «ገጽ 1 ከ 3» እየተባለ ይጻፋል፤ በየገጹም ይፈረማል። ባዶ የቀረ ቦታ በሰያፍ መስመር ይዘጋል። ከተፈረመ በኋላ ስሕተት ከተገኘ ነጭ ማጥፊያ አይፈሰስበትም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ትክክሉ ከላይ ተጽፎ፣ ሰብሳቢውና ጸሐፊው አጠገቡ ይፈርማሉ። ማጥፊያ የፈሰሰበት ወረቀት ከስሩ ምን እንደነበረ ማንም ስለማያውቅ፣ ሁሉም የፈለገውን ይጠረጥራል። ግልባጩ አስቀድሞ ወጥቶ ከተበተነ ደግሞ እርማቱ በሚቀጥለው ስብሰባ መነሻ ላይ ይመዘገባል።

ሰብሳቢያችን ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ሰው ጥሩ፣ ቃለ ጉባኤ ግን አያነብም። ስሙን ብቻ ይፈልጋል። ማዕረጉ በትክክል ተጽፎ ካየ እስክሪብቶ ያወጣል።

«እትዬ፣ የት ልፈርም?»

«መጀመሪያ አንብብ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ካነበቡት እኔ ምን እጨምራለሁ?» አለና ስሙን ፍለጋ በዐይኑ ገጾቹን ወረደ። ገጽ ሦስት ላይ አገኘው። ቆመ። እንደገና አነበበው።

«ይሄ መጋቢት 7 የሚለው... እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«እትዬ፣ ባለፈው እኮ የሚመለከተው አካል ነበር የሚለው።»

«አዎ፤» አሉ እትዬ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ስንፈልገው ቆይተን አገኘነው።»

ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ደብተሩን ጠየቀ፤ እትዬ ገልጠው የራሱን ቃል አሳዩት። አንገቱን ነቀነቀና ፈረመ፤ የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውን። ስልኩን አውጥቶ ፓምፕ የሚሸጥ ሰው እየፈለገ ወደ በሩ አመራ።

«ና ተመለስ፣» አሉት እትዬ፣ «ገጽ ሁለትን ዘለልክ።»